ማሲንቆ ይመታል ያለችው

ሐጂ ሰዒድ፣ ባለቤታቸው እማማ ዘሐራ፣ ቤታቸው የምትሠራው ዘይነብ፣ ጀማልና እኔ። መካ፣ ሩሰይፋ፣ ከሐጂ ሰዒድ የጨርቅ ሱቅ በላይ ባለችው ሳሎን ውስጥ በዚያ ቀን የነበርነው እኛ ነን። የዘይነብ ታናሽ እህት መሪማም ነበረች፤ እሷ ግን ድምፅዋ ብቻ ነው የነበረው፣ በስልክ።

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ታክሲው ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። አዘጋጁ የአንድ የሙዚቃ መሣሪያን ድምፅ በቃል ይገልጻል፣ አድማጭ ደውሎ ስሙን ይናገራል። ተሳፋሪው ሁሉ እየሳቀ ይገምት ጀመር። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ “ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?” ብትለኝ መልሱን እያወቅኩት አፌ አልከፈት አለኝ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጭጋጉ መስኮቱን ሸፍኖት ነበር፤ እኔ ግን የማየው የመካን የቀትር ፀሐይ ነበር።

ያን ጊዜ ገና ጎረምሳ ነበርኩ። ጅዳ፣ ፔትሮሚን፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቦዲ እጠግን ነበር። ክራር ማንም አላስተማረኝም። ከተጣለ እንጨትና ከቆርቆሮ ሳህን እየሠራሁ፣ እያፈረስኩ፣ ለምን እንዲህ እንደሚጮህ እየመረመርኩ ለመድኩት። ብዙ አላወራም ነበር። ጀማል፣ አብሮኝ የሚኖረው ሾፌር፣ “አንተ ይማም፣ አላህ ምላስህን ለጆሮህ ደርቦልሃል” እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

መሪማ እዚያው ጅዳ፣ ሳፋ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ቤት ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች። ሳፋ መሆኑን ያወቀችው ከአውሮፕላን ማረፊያ ያመጣት ሾፌር ስሙን ሲጠራ ሰምታ ነው። ከዚያ ወዲያ ከበሩ አልወጣችም። ፓስፖርቷ በከፊሉ፣ ማለት ባስመጣት አሠሪዋ፣ እጅ ነው፤ መስኮቱ ወደ ውጭ በማያሳይ መስታወት የተዘጋ ነው። ቀኝ ጎኗን ያማት ከጀመረ ሰንብቷል፤ ማዳሟን ሐኪም ቤት ውሰጂኝ ስትላት መልሷ “ቡክራ” ነው፣ ነገ። ከእሷ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ደብቃ በተወችላት ትንሽ ስልክ፣ ማዳም ስትተኛ እየሰረቀች ትደውላለች። ሐጂ ሰዒድ መካ የተወለዱ፣ አረብኛቸው የአገሬው የሆነ፣ የሚከበሩ ሰው ናቸው። ቤቱን ካገኘንላቸው ሄደው በሩን ሊያንኳኩና ከፊሉን በአላህ ስም ሊለምኑት ቃል ገብተዋል። ችግሩ ቤቱ የት እንደሆነ አለመታወቁ ነበር።

መሪማ ለአድራሻ የሚሆን አንድ ነገር ብቻ ሰጠች። “ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ሰው ማሲንቆ ይመታል” አለች።

ጀማል ይህን ሲሰማ ዘለለ። ሳፋ ውስጥ ማሲንቆ የሚጫወት አንድ የራያ ሰው ያውቃል፤ የቪላ ዘበኛ ነው። ሄደ። ከዘበኛው ቤት ግራና ቀኝ ያሉትን በሮች ሁሉ በየሰበቡ አንኳኳ፣ ሠራተኞቹን ጠየቀ፣ ቆሻሻ የሚያወጡትን ሳይቀር አናገረ። አንድ ሳምንት በዚህ አለቀ። መሪማ የለችም። እኔ የተጠራሁት ከዚያ በኋላ ነው።

እማማ ዘሐራ ሩዝና ሥጋ አቅርበው፣ ሐብሐብ ቆርጠው ነበር፤ ማንም አልነካውም። ማቀዝቀዣው እያጓራ ውሃ ያንጠባጥባል። ስልኩ ሲጮህ ጀማል ድምፁን ከፍቶ መሐላችን አኖረው።

“መሪማ፣ ይማም እባላለሁ። ያ ማሲንቆ እንዴት ነው የሚጮኸው?”

“እንዴት ይጮኻል? ማሲንቆ ነዋ ወንድሜ! ይመታል።”

እዚህ ላይ ነው የገባኝ። በእኛ ቋንቋ ማሲንቆም ይመታል፣ ክራርም ይመታል። እሷ ያደገችው ደግሞ ዘፈን በማይገባበት ቤት ነው፤ ክር ያለው ነገር ሁሉ ለእሷ ማሲንቆ ነው።

“ቃሉን ተይውና ድምፁን ንገሪኝ። አንዱ ድምፅ ሲወጣ እንደ ሰው ለቅሶ ይጎተታል? ወይስ ወዲያው ጀምሮ ወዲያው ይከስማል?”

“እንደ ጠብታ ነው። ጠብ ይልና ይጠፋል። ሌላው ይከተለዋል።”

“ከአንዱ ወደ ሌላው ይንሸራተታል?”

“አይ። ይዘላል።”

“አንዳንዴ ብዙው አንድ ላይ ይወጣል?”

“አዎ! በአንዴ ሽርር ይላል። መሐሉ ላይ ደግሞ ጭክ ጭክ የሚል አለ፣ ድምፅ የሌለው።”

ማሲንቆ አንድ ክር ነው ያለው፣ የፈረስ ጭራ። ደጋኑ እስከሄደበት ድረስ ድምፁ አይቋረጥም፤ ጣት ክሩ ላይ ሲንሸራተት ድምፁም አብሮ ይንሸራተታል። ጠብ ብሎ አይጠፋም፣ በአንዴም ብዙ ሆኖ አይወጣም። ያቺ ጭክ የምትለው የክራር ዘመድ ምልክት ናት፤ አንዱ እጅ ክሮቹን ሁሉ ሲጠርግ የሌላው እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ይዘው ያፍኗቸዋል። የታፈኑት ናቸው ጭክ የሚሉት።

“ማሲንቆ አይደለም” አልኩ።

ጀማል ራሱን ያዘ። “ያ ረቢ! ክራር ነው በላ! ክራር የሚጫወት ሐበሻ እንፈልግ፣ ያላ!”

“ቆይ። መሪማ፣ ዜማው የአገራችንን ይመስላል ወይስ አዛን?”

“እንደ አዛኑ ነው። ድምፆቹ ይቀራረባሉ። ወንዶች ያጨበጭባሉ፣ ተቀብለው ይላሉ። ድምፁም ቀጭን ነው፣ እንደ ሽቦ።”

የእኛ ክራር በአምስት ድምፅ ይሄዳል፤ መሐሉ ሰፋፊ እርምጃ አለው። ይህ ጠባብ እርምጃ የቀይ ባሕር ባሕረኞች ሲምሲሚያ ነው። ክራር ይመስላል፣ ክሩ ግን ብረት ነው። የማውቀውም በአንድ የጅዳ ሽማግሌ ነው። ጋራዣችን እየመጡ የተጣለ የፍሬን ገመድ ይለምኑን ነበር፤ ገመዱን ፈትተው ቀጭኑን ሽቦ ለሲምሲሚያቸው ይወጥሩታል። ሳፋ ከልጃቸው ጋር እንደሚኖሩ፣ ከአስር በኋላ የድሮ ጓደኞቻቸው እንደሚሰበሰቡ ነግረውኛል።

“የአረብ ነው። የባሕር ሰዎች ናቸው” አልኳት።

ድምፅዋ ከበፊቱ አንሶ መጣ። “እኔ እኮ የአገሬ ሰው መስሎኝ... በየቀኑ ግድግዳውን ይዤ፣ እንደምን ዋልክ እለው ነበር።”

ዘይነብ ሻሽዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው፤ መልሳ መንጭቃ አወጣችው። “አይዞሽ እቴ! ቤቱ ታወቀ፣ እየመጣን ነው!” ብላ ስትጮህ ስልኩ ተዘግቶ ነበር።

ሽማግሌውን ለማግኘት ጀማልና እኔ ጋራዦቹን ስንዞር ቀናት ሄዱ። መሪማ አልደወለችም። በመጨረሻ የልጃቸውን ቤት አገኘን፤ ሐጂንና ዘይነብን ይዘን ከመካ ወረድን። መንገዱ ላይ የሚነፍሰው አየር ከዳቦ ምድጃ የሚወጣ ይመስል ነበር። ስንደርስ አስር ተሰግዶ ነበርና ሲምሲሚያው ይሰማል፦ ጠብታው፣ ሽርርታው፣ ጭክታው፣ ጭብጨባው። አንድም ሳይጎድል እንዳለችው ነው።

ዘይነብ “ይሄ ነው?” አለችኝ።

“ይሄ ነው።”

ግድግዳ የሚጋራው ቤት በሩ ሰንሰለት ገብቶበት ነበር። ዘበኛው ከጥላው ተነስቶ ከሐጂ ጋር በአረብኛ ተነጋገረ። ቤተሰቡ ሙቀቱን ሸሽቶ ወደ ደጋው ወደ ጣኢፍ ሄዷል። ሠራተኛዋስ? አንድ ቃል መለሰ፣ ከዚያም “ኸላስ”፣ በቃ፣ ብሎ እጁን አራገፈ። ሐጂ ወደ እኛ ዞረው “የለችም” ብቻ አሉ። ዘይነብ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ለማንሳት ሁለት ሰው አስፈለገ።

ከዚያ በኋላ ሐጂ ጣኢፍ ድረስ ሄዱ፣ ቆንስላ ተጠየቀ፣ ሆስፒታል ተዞረ። ከፊሉን አላገኘነውም። የመሪማ ስልክ ዳግመኛ አልጮኸም።

ዕድሜ ሲገፋ ሰው ይረሳል ይላሉ፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ድሮም በደንብ ያልያዝኩት ነገር ነው። አንድን ድምፅ ሰው በቃል ሲነግረኝ ስሙን አውቄዋለሁ፤ በማወቄ ግን አንዲት ሴት የነበራትን ጎረቤት አጣች፣ በምትኩም ማንንም አላመጣሁላትም። ሐጂን ሳልጠይቃቸው፣ እሳቸውም እማማ ዘሐራም ወደ አኼራ ሄደዋል። ጀማል፣ ዘይነብ፣ ይህን ካነበባችሁ የጎደለውን ሙሉልኝ። የበሩ ቀለም ምን ነበር? መሪማ በመጨረሻው ጥሪ ስለ ጎኗ ያለችው ነገር ነበር? ከሁሉ በላይ ግን ያችን የዘበኛውን ቃል። “ራሐት” ነው ያለው፣ ሄደች? ወይስ “ወደዉሃ”፣ ወሰዷት? አጠገቡ ቆሜ ነበር፣ አልሰማሁትም። የሰማ ካለ ይንገረኝ።