የተጠሪ ስልክ ለምን ይጠየቃል?

ኩባንያችን ከአገር ቤት የመጡ የቤት ሠራተኞችንና የዚህ አገር አሠሪዎችን በስልክ መተግበሪያ የሚያገናኝ ነበር፤ ቢሮው ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ጨርቅ መደብር በላይ። የግል መረጃ አያያዝ ማስታወቂያችንን ጠበቃ በፈረንሳይኛ ጽፎት፣ ሌላ ሰው ቃል በቃል ወደ አማርኛ ገልብጦት ነበር። የቢሮው ሠራተኛ ሆኜ ሁለቴ አንብቤው ምንም አልገባኝም። አለቃዬ "ተመዝጋቢዎቹ እንዲረዱት አድርገሽ እንደገና ጻፊው" ሲለኝ ቀላል መሰለኝ። የዋህ ነበርኩ።

መተግበሪያውን ከሠራው ባለሙያ ጋር ቁጭ ብዬ የመመዝገቢያ ቅጹን መስመር በመስመር እያነሳሁ በጥያቄ አደረቅኩት። ይህን ለምን እንሰበስባለን? ማን ያየዋል? መቼ ይጠፋል? ፎቶውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ቅጂ አለፍንና የተጠሪ ስልክ ላይ ደረስን።

"ተመዝጋቢዋ ሥራ ተገኝቶላት ስልኳን ካላነሳች ወደ ተጠሪዋ ይደወላል" አለኝ።

የድሮው ጽሑፍ ይህንን "አገልግሎቱን ለማቀላጠፍ" ብሎ ነበር የሸፈነው። እኔ ግልጹን ጻፍኩ፦ "ሥራ አግኝተንልዎት ስልክ ካላነሱ፣ ለተጠሪዎ ደውለን እንነግራለን።" ጽፌ ስጨርስ ትንሽ ኮራሁ።

ረቂቁን የምትሞክርልኝ ከሳምንት በፊት ቀጠሮ የያዝኩላት ተመዝጋቢ ነበረች፤ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ቪላ ውስጥ ነው የምትሠራው። በዕረፍት ቀኗ መጣች። እያነበበች የገባትን በራሷ አነጋገር እንድትነግረኝ ለመንኳት። ስለ ፎቶው ጥሩ አድርጋ ነገረችኝ። የተጠሪው መስመር ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አስቀመጠችው።

"እህቴ፣ እኔ የማዳሜን ስልክ ነው የሰጠሁት።"

"ለምን?"

"ተጠሪ ሲል፣ እዚህ አገር ከእሷ ሌላ ማን አለኝ? ፈቃዴንም ያወጣችልኝ እሷ ናት። ሌላ ሥራ እየፈለግሁ መሆኔን ከሰማች አንድ ቀን አታሳድረኝም። ፈቃዴም አብሮ ይሄዳል።"

"አይደወልም፣ ዛሬውኑ አስጠፋዋለሁ" አልኳት። አመነችኝና ማዳሜ ሳትቆጣ ልድረስ ብላ ሄደች።

መዝገቧን ከፈትኩ። ትናንት ጠዋት የእኛው ሠራተኛ አስፍሮታል፦ "ተመዝጋቢዋ አላነሳችም። ተጠሪዋ አንስታለች፤ መልእክቱን አደርሳለሁ ብላለች።"

አላደረሰችም። ሰምታ ዝም ብላለች።

አለቃዬ ጋ ሮጥኩ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ለተጠሪ መደወል ወዲያው እንዲቆም፣ የሁሉም ተመዝጋቢ የተጠሪ ስልክ እንዲሰረዝና ማስታወቂያው ተነቦላቸው እንደ አዲስ እንዲጠየቁ አዘዘ። "ጥሩ ነገር ነው ያገኘሽው" አለኝ። ምስጋናው እንደ ስድብ ተሰማኝ።

ቤት ሳትገባ ልንገራት ብዬ ደወልኩ። ዝግ ነው። ከሰዓትም ደወልኩ፣ በማግስቱም፣ በሦስተኛው ቀንም። ዝግ ነው። እሷን የምናገኝበት ሌላ ቁጥር መዝገቡ ላይ የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሰረዝነው የማዳሟ።