አባቴ ውሃ አልቆጠበም

የቢዩን ቤት የአንድ ቀን ወጪ መቶ ሃምሳ አምስት ሊትር ነው። ለሦስት ሰው ገላ በባልዲ ስልሳ፣ ለልብስ ስልሳ፣ ለዕቃ አሥራ አምስት፣ ለሩዝና ለአትክልት አሥራ ሁለት፣ ለፊትና ለእጅ ስምንት። ሽንት ቤቱ በልብስ እጣቢ ስለሚለቀቅ አይቆጠርም።

ይህን በእርሳስ የደመረችው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇ ዪቶንግ ናት፤ ስለ ውሃ ቁጠባ ለምታቀርበው የክፍል ንግግር። ባለፈው ክረምት ዝናብ ይዞ ወደ ከተማቸው ወደ ታይቹንግ የመጣ አንድም አውሎ ነፋስ አልነበረም። ግድቡ ጎደለ፣ በየሳምንቱ ማክሰኞና ረቡዕ ቧንቧ መዘጋት ጀመረ። የቢዩን ባል የአችዋን የሩዝ ማሳ ግን ከሁሉም ቀድሞ ነው የተዘጋበት። የመስኖው ቦይ ከጥር ጀምሮ እንደ ደረቀ ነው።

ንግግሩ ሦስት ደቂቃ ነው፤ በእነሱ ጽሕፈት ስድስት መቶ ፊደል ገደማ። መምህርት ሹ ወረቀት ማንበብ ከልክላለች። የሚፈቀደው መዳፍ የሚያህል አራት ካርድ ነው፤ ቁልፍ ቃላቱ በጥቁር፣ ተናጋሪው ለራሱ የሚጽፈው ማስታወሻ በቀይ፦ «እዚህ ቁሚ»፣ «ኋላ ያሉትን እዪ»። መክፈቻው ግን በቃል ይያዛል፣ ሰሚውም የማይረሳው መሆን አለበት።

ሰኞ ከሰዓት ዪቶንግ ግቢ ውስጥ ቆማ ተለማመደች፤ እናቷ በስልኳ ሰዓት ያዘችላት።

«ዘንድሮ ከሁላችንም በላይ ውሃ የቆጠበው አባቴ ነው። ሩዝ አልተከለም።»

ቢዩን ስልኳን ዝቅ አደረገች። «ይሄ ይያዛል» አለች።

አችዋን ጥግ ላይ ሥራ የፈታውን የችግኝ መትከያ ማሽን ግራሶ እየቀባ ነበር። ቀና ሳይል «ሰርዢው» አለ።

«ለምን አባ? ውሸት ነው እንዴ?»

«መቆጠብ ማለት በእጅሽ ካለው ማትረፍ ነው። እኔ እጅ ላይ ምን ነበር? ቦዩን ዘግተው ቁጭ በል አሉኝ። ጠግቦ የተወና ገበታው የተነሣበት አንድ ናቸው?»

«አንተ ደግሞ» አለች ቢዩን፣ «ልጅቷ እኮ ልታመሰግንህ ነው።»

«የሰፈሩ ምስጋና ይበቃኛል። ትናንት ጎረቤታችን ምን አለኝ? ‹አንተ ዕድለኛ፣ ተኝተህ የመንግሥት ካሣ ትበላለህ።› አሁን ደግሞ ክፍል ሙሉ ልጅ ያጨብጭብልኝ?»

ማሽኑን በሸራ ሸፍኖ ገባ። ራት ሲቀርብም አልበላም። ዪቶንግ ቀይ እስክሪብቶዋን ይዛ ካርዱ ላይ አቀርቅራ ቀረች።

ረቡዕ ጠዋት ቢዩን ክፍሉ ውስጥ ነበረች። በጎ ፈቃደኛ ወላጅ ናትና የዚያን ዕለት ሰዓት ያዥነቱ ለእሷ ደረሳት። ሁለት ደቂቃ ተኩል ሲሆን ደወሉን አንዴ፣ ሦስት ሲሞላ ሁለቴ ትደውላለች። ሁለቴ ከተደወለ ተናጋሪው ያቆማል። ከዪቶንግ በፊት የነበረው ልጅ ለመክፈቻ አንድ ጠርሙስ ውሃ ሳፋ ውስጥ ገለበጠ። «ቧንቧ በተዘጋበት ቀን!» ብለው ጓደኞቹ ሳቁበት።

ዪቶንግ ወጣች።

«አባቴ ውሃ አልቆጠበም» አለች። «ዘንድሮ ማሳው ውስጥ አንድ ጠብታ አልገባም። ግን አልቆጠበም። ተዘጋበት።»

ካርዱ ላይ በቀይ «ቁሚ፤ ሦስት ቁጠሪ» ይላል። ቆመች። ሦስት አለፈ፣ አምስት አለፈ። ቢዩን ሰዓቱን አየች፤ አሥራ አንድ ሰከንድ።

«ረሳችው» አለ አንዱ ከኋላ።

«ኧረ ቧንቧዋ ተዘግቶ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ዪቶንግ ግን አልረሳችም፤ ልቅሶዋን እየዋጠች እንደ ነበር እናቷ አይታለች። እንደምንም ቀጠለች። ሁለተኛውን ካርድ፣ የቤታቸውን ሊትር የያዘውን ሦስተኛውን፣ ሁሉንም ቀስ እያለች። አንደኛው ደወል ተደወለ። ቢዩን እጇን ደወሉ ላይ እንዳሳረፈች ጠበቀች። ጥቂት ብታዘገየው ማን ያውቃል? ግን የግድግዳውን ሰዓት ሠላሳ ልጅ እያየው ነው። ሁለቴ ደወለች።

ዪቶንግ ዓረፍተ ነገሩን መሃል ላይ አቋርጣ እጅ ነሥታ ወረደች፤ አራተኛው ካርድ በእጇ እንዳለ።

«መክፈቻሽ ልብ ይነካል» አለች መምህርት ሹ። «መደምደሚያ ግን የለሽም። ታዲያ እኛ ሰሚዎችሽ ምን እናድርግ?» ነጥብም ቀነሰች።

ኮሪደሩ ላይ ዪቶንግ ካርዱን ለእናቷ ሰጠቻት። «ትንሽ ብትጠብቂኝ ምን ነበረበት፣ እማ?»

«ለሌላው ልጅ ያልጠበቅኩትን?»

ልጅቷ ወደ ክፍሉ ተመለሰች።

ቢዩን ቤት ስትደርስ አችዋን «ምን አለች?» አላት። መክፈቻውን ነገረችው።

«ጨረሰችው?»

«አልጨረሰችም። እኔው ነኝ የደወልኩባት።»

ጫማውን አድርጎ ወደ ደረቁ ማሳ ወጣ።

አራተኛው ካርድ አሁን ቢዩን ጋ ነው። ልጇ ያልደረሰችበትን እሷ ትጨርሰዋለች፤ ይህን የምታነቡትን የምትለምነውም ይህንኑ ነው፦ ሩዝ ያጠባችሁበትን ውሃ አትድፉት፣ አትክልት አጠጡበት። እሱ የእናንተ ቁጠባ ነው። ውሃ ያልነካ ሰው ስታዩ ግን፣ ቆጣቢ ብላችሁ ከማጨብጨባችሁ በፊት ማን እንደዘጋበት ጠይቁት።