የፈረቃው ማስታወቂያና የኣብርሄት ፊደል

በዓኽርያ ሰፈር ኣብርሄትን የማያውቅ ወላጅ አልነበረም፤ የሚያውቋት ግን በመልኳ ሳይሆን በፊደሏ ነው። ከትምህርት ቤቱ በሚወጣ ወረቀት ሁሉ ግርጌ ላይ፣ በስተግራ ጥግ፣ «ተ/ኣ» የሚል ይጻፋል። ፊተኛው ፊደል ቃሉን ያመነጨው የርእሰ መምህሩ የተወልደመድኅን ነው፤ ኋለኛው ደግሞ በታይፕ የመታችው የኣብርሄት። ሥራው ከተቃና ያቺን ጥግ የሚያያት የለም። ከተበላሸ ግን ሰው ሁሉ መነጽሩን አድርጎ የሚፈልጋት እሷን ነው።

ኣብርሄት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ታይፕ መትታለች። በድሮው መንግሥት ጊዜ በአማርኛ፣ ነጻነት ከመጣ ወዲህ በትግርኛ፤ ጣቶቿ ሁለቱንም እኩል ያውቃሉ። ሆኖም በአዲሱ ጊዜ «የድሮ ሰው» የሚል ስም እንደ ጥላ ተከተላት። ነጻነት በመጣ በሦስተኛው ዓመትም ቅጥሯ ገና «ጊዜያዊ» ነበር፤ ይጽና ወይም ይቅር የሚለው የትምህርት ዘመኑ ሲዘጋ ይወሰናል ተባለ። ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ለዚያ ቃል እንቅልፍ ማጣቷ አያስገርምም።

ርእሰ መምህሩ ከሜዳ፣ ከነጻነት ትግሉ በረሃ፣ የመጣ ታጋይ ነው። በዛፍ ሥር፣ በድንጋይ ላይ አስቀምጦ ልጆች ያስተማረ፣ ጎበዝና ቅን ሰው፤ ጥድፊያው ግን ለጉድ ነው። «ተወልደመድኅን ብለሽ ጥሪኝ፣ ማዕረግ አልወድም» ቢላትም፣ እሷ በስምንት ዓመት የምትበልጠውን ሰው «እርስዎ» ማለቷን አልተወችም። ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ በትእዛዝ አይለቅም።

ነገሩ የተነሣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በወረደው በረዶና ነፋስ ነው። የአራት ክፍሎች ቆርቆሮ ተነቅሎ ግቢው ውስጥ ተዘረረ። ሰኞ ደግሞ የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና የሚጀመርበት ቀን ነበር። የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጣሪያው እስኪጠገን ድረስ ለአንድ ሳምንት ይዘጋ አለ። ተወልደመድኅን ከመሰላል ሳይወርድ፣ መዶሻውን እንደያዘ ማስታወቂያውን በቃል ነገራት፦

«ለወላጆች በሙሉ። በደረሰው አደጋ ምክንያት ፈተናው በአንድ ሳምንት ተራዝሟል። ተማሪዎች በየፈረቃቸው እንዲገኙ። የቀረ ተማሪ ሌላ ፈተና አይሰጠውም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከክፋት አልመጣችም። ይህ ፈተና ባለቀ በተከታዩ ሰኞ የሰባተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በዚያው ግቢ ይሰጣል፤ ቀኑን የሚወስነው ሚኒስቴሩ ስለሆነ ርእሰ መምህር ሊገፋው አይችልም። ለቀሪዎች የሚተርፍ ክፍልም ቀንም የለም። ኣብርሄት መትታ፣ አባዝታ፣ በበሩ ላይ ለጠፈች። ልጆቹ ቤታቸው ናቸውና ወረቀት የሚወስድ አልነበረም፤ ወላጅ ራሱ መጥቶ ማንበብ ነበረበት።

ሐሙስ ማታ ዳቦ ቤት ተሰልፋ ሳለ ከፊቷ ጭቅጭቅ ሰማች። በያጁ ዘርዓይ እና ጎረቤቱ ብርቅነሽ ናቸው፤ የሁለቱም ልጆች ስድስተኛ ክፍል ይማራሉ።

«ከሰዓት ነው እልሻለሁ!» አለ ዘርዓይ። «ፈረቃ ሰኞ ሰኞ ይገለበጣል። ከመዘጋቱ በፊት ታላላቆቹ ከሰዓት ነበሩ። አንድ ሰኞ አለፈ፣ ጧት ሆኑ። ይህ ሁለተኛው ሰኞ ነው፣ ተመልሰው ከሰዓት!»

«ልጅ ያልተማረበት ሳምንት ምን ተብሎ ይቆጠራል?» አለች ብርቅነሽ። «ያ ሰኞ የለም። ጧት ናቸው!»

ኣብርሄት ዳቦዋን ሳትገዛ ከሰልፉ ወጣች። ትምህርት ቤቱ የሚበቃው ለግማሹ ተማሪ ብቻ ስለሆነ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያሉትና ከአምስተኛ እስከ ሰባተኛ ያሉት ታላላቆቹ በየሳምንቱ ጧትና ከሰዓት ይለዋወጣሉ። ሰፈሩ በሙሉ ሕይወቱን በዚያ ቆጠራ ያስኬዳል፦ ምሳው፣ ገበያው፣ ሕፃን የሚጠብቀው። ማስታወቂያው ግን የተዘጋው ሳምንት ይቆጠር አይቆጠር አላለም። የሰፈሩ ግማሽ እንደ ዘርዓይ ከቆጠረ፣ ሰኞ ጧት ወንበሮቹ ባዶ ይሆናሉ፤ የቀረ ደግሞ አይፈተንም። ግርጌው ላይ ያለችው ፊደል የማን ናት? የእሷ።

ዓርብ ጧት ቢሮው ገባች።

«ማስታወቂያው ይጎድለዋል» አለችው፣ ቆማ።

«ምን ይጎድለዋል? ፈረቃ ማለት ፈረቃ ነው። የድሮው መርሐ ግብር እንዳለ አንድ ሳምንት ተገፋ፤ ታላላቆቹ ጧት። ግልጽ ነው።»

«ለእርስዎ ግልጽ ነው። ዳቦ ቤት ግን አልደረሰም።» ማስታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። «እኔም ሳልጠይቅዎት መታሁት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈረቃ ስቆጥር የኖርሁ እኔ ነኝ፤ ማየት ነበረብኝ።»

ተወልደመድኅን ቶሎ የሚቆጣ ሰው ነበር፤ ሆኖም በሜዳ ጥፋትን በጓዶች ፊት ማመን እንደ ራት የተለመደ ነውና ወንበሩን ስቦ ተነሣ።

«እወ፣ ልክ ነሽ። ቃሉ የኔ ነው፣ ስሕተቱም የኔ። እንዴት እናድነው?»

ኣብርሄት ሌሊቱን ሙሉ ያሰበችበት ነበር። «ፈረቃ የሚለውን ቃል እናውጣው። ክፍሉንና ሰዓቱን ብቻ እንጻፍ። በር ላይ መለጠፍ ደግሞ አይበቃም፤ ወላጅ ወዳለበት እንሂድ። ዛሬ ጁምዓ ነው፣ መስጊድ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን። የቀሩትን የወላጅ ኮሚቴው በየመንደሩ ያዳርስ።»

አዲሱ ወረቀት አጭር ነበር፦ «ሰኞ ጧት አምስተኛ፣ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ። ሰኞ ከሰዓት ከአንደኛ እስከ አራተኛ። እስከ ዓርብ እንደዚሁ። የቀድሞው ማስታወቂያ ተሽሯል።» የማባዣውን እጀታ እያዞረች ቅጂ አወጣች፤ ክንዷ ዛለ፣ ቀሚሷም ቀለም ጠጣ።

ተወልደመድኅን ወረቀቱን ይዞ መስጊዱ ደጃፍ ቆመ፤ ሽማግሌዎቹ ተቀብለው ለሕዝቡ አነበቡለት። እሑድ ቄሱ ቡራኬ ሰጥተው ሳይጨርሱ «ሰኞ ጧት ታላላቆቹ!» አሉ፤ ሴቶቹም ለጎረቤት እየደጋገሙት ሄዱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ። ኣብርሄት ራሷ የዘርዓይን በር አንኳኳች። «ቆጠራህ ልክ ነው፣ ወረቀታችን ነበር ጎዶሎ፤ ፈተናው ግን ጧት ነው» አለችው። ሰውየው ወረቀቱን ተቀብሎ ሰዓቱን ደግሞ አነበበ።

ሰኞ ማለዳ ገና ደወሉ ሳይደወል ከሁሉ ቀድሞ በሩ ላይ የተገኘው ማን ነው? ዘርዓይ! ልጁን ሰገንን በብስክሌቱ ኋላ አፈናጥጦ፣ ብርቅነሽ እንድታየው አንገቱን አስረዝሞ ቆሟል። ከዚያ ግቢው ሞላ። ኣብርሄት ከቢሮዋ ደጃፍ ሆና የሚገቡትን በዓይኗ ትቆጥር ነበር። ፈተናው ተጀምሮ የቀሪዎች ወረቀት ከየክፍሉ ሲመጣ አንድ በአንድ ገለጠች። ቀሪ የለም። ቀሪ የለም። ስድስተኛ «ለ» አንድ ይላል፤ ወዲያው መምህሩ በሩጫ መጥቶ ሰረዘው፣ ልጁ ሽንት ቤት ነበር። ከሰዓት ታናናሾቹም ሞልተው መጡ፤ በሁለቱም ፈረቃ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች፣ አንድም ሳይጎድል! ማንም በሌለበት ቢሮ እልል አለች፤ አፏን በእጇ ብትይዝም አመለጣት።

ተወልደመድኅን እልልታዋን ሰምቶ ገባ። ወረቀቶቹን አየና ሳቀ።

«ተቀመጪ፣ ደብዳቤ አለ። ለትምህርት ጽሕፈት ቤት።»

ወረቀት አስገባች። እሱ ቆሞ ይናገራል፣ እሷ ትመታለች፦ «በመጀመሪያው ማስታወቂያ ላይ የተፈጸመው ስሕተት የእኔ ነበር። ስሕተቱን አግኝታ ያረመችው፣ አንድም ተማሪ ከፈተና እንዳይቀር ያደረገችው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ወይዘሮ ኣብርሄት ናት። ስለዚህ ጊዜያዊ ቅጥሯ በቋሚነት እንዲጸና...»

ታይፑ ቆመ። ኣብርሄት እንባዋ ፊደሎቹን ስለጋረደባት «ቋሚ» የሚለውን ሁለት ጊዜ መትታ አበላሸችው፤ አዲስ ወረቀት አስገብታም ከመጀመሪያ ጀመረች። ሲያልቅ እሱ አንብቦ ፈረመና ወደ ግርጌው በጣቱ አመለከተ። ባዶ ነበር።

«ፊደልሽ የታለ?» አለ። «እሷን ሳላይ እኔም ከእንግዲህ አላምንም።»

ኣብርሄት ወረቀቱን ወደ ታይፑ መለሰች፤ በስተግራ ጥግም «ተ/ኣ» ብላ መታች።