ላኪ፦ ፍሬሕይወት

በኢሕአዴግ ዘመን፣ ስብሰባ እንደ አሸን በፈላበት ጊዜ፣ ፍሬሕይወት ሶዶ ውስጥ የአንድ ሆቴል ጸሐፊ ነበረች። በሆቴሉ አዳራሽ የሚሰበሰበው ሁሉ አበል ሊቀበል ሲፈርም ኢሜይሉንም ይጽፋል። ባለቤቱ ጋሽ ሚልክያስ ያንን ወረቀት ኮፒ አስደርገው "ለሁሉም ማስታወቂያ ላኪ" አሏት።

"የፈረሙት ለአበል ነው እንጂ ለእኛ ማስታወቂያ አይደለም።"

"ከሰጡ ሰጡ ነው!"

የእንጀራ ነገር ነውና በስሟ ፈርማ ላከች፤ ለሙከራ የራሷንም አድራሻ አስገብታ። ግርጌው ላይ ግን "ካልፈለጉ 'ይቅርብኝ' ብለው ይመልሱ፣ እንሰርዝዎታለን" የሚል ጨመረች። የመለሱትን በዕለቱ ሰረዘች።

ጋሽ ሚልክያስ ይህን ሲሰሙ ጮኹ። "የመለሰ ሰው እኮ ያነባል ማለት ነው! መልሰሽ አስገቢያቸው! መዋኛ ገንዳ አለን ብለሽም ጻፊ!"

የምን ገንዳ! እንቁራሪት የሚንጫጫበት ጉድጓድ ነው።

"ውሸት አልጽፍም፤ እንቢ ያለንንም ሰው አልነዘንዝም" አለች። በዚያው ተባረረች።

አሁን ለሥራ ማመልከቻዋ መልስ ፍለጋ ኢንተርኔት ቤት ስትገባ፣ የሚጠብቃት የሆቴሉ ማስታወቂያ ብቻ ነው። ደጋግማ "ይቅርብኝ" ብላ ጻፈች። የሰረዛት የለም። ገንዳውን ከሚያሞግሰው መልእክት ግርጌ ዛሬም "ፍሬሕይወት፣ የደንበኞች አገልግሎት" ይላል።