የወርቄ ዘይት ግጥም

ዛሬ ጠዋት ሱቅ ውስጥ ቢጫ ጀሪካን አየሁ። ዘይቱ ረግቶ ነጭ ሆኗል፤ ባለሱቁ ገልብጦ ይነቀንቀዋል፣ ጠብ አይልም። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ አምቦ ገበያ ትዝ አለችኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ስሚኝማ፣ ላውጋሽ።

እናቴ ዘይት ቸርቻሪ ነበረች። የፓልም ዘይት በጀሪካን ተረክባ በሊትርና በግማሽ ሊትር ትቀዳለች። ብርድ በሆነ ጠዋት ዘይቱ ይረጋባትና ጀሪካኑን ፀሐይ ላይ አውጥታ፣ እያማረረች፣ እስኪቀልጥ ትጠብቃለች። እኔ በዚያ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አልመጣልኝም። ቤት ተቀምጬ ግጥም እጽፋለሁ።

"ግጥም ወጥ አይሆን!" ትለኝ ነበር። "እስከ መስቀል እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ከጎኔ ቆመሽ ትቀጃለሽ።"

እኔ ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ብዬ አኮረፍኩ። ግትር ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ።

መስቀል ሊደርስ ሲል ከከተማው ወጣ ብሎ አዲስ የኑግ መጭመቂያ ተከፈተ። ዘይቱንም "ወርቄ" አሉት። ባለቤቱ የሬዲዮ ማስታወቂያ ግጥም ከአዲስ አበባ አስጽፎ መጣ። "ልብን የሚጠግን፣ ከሁሉ የሚበልጥ" የሚል ነበር። ሬዲዮ ጣቢያው መለሰው። ልብ ይጠግናል ለማለት ማስረጃ አምጡ፣ ከሁሉ ይበልጣል ማለት ደግሞ የሌላውን ዕቃ ማንኳሰስ ነው አሉት። ሰውየው ግራ ገባው። ይኼኔ ማስታወቂያ የሚቀዳበት ስቱዲዮ የነበረው የጎረቤታችን ልጅ፣ ግጥም እንደምጽፍ ያውቅ ነበርና፣ እኔን አስጠራኝ።

ስቱዲዮው አንዲት ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ በፍራሽ ስፖንጅ ተለብጦ አቧራና ላብ ይሸታል። የስቱዲዮው ልጅ ሕጉን ነገረኝ። ሠላሳ ሰከንድ ነው፤ አንዲት ሰከንድ አይጨመርም። የዘይቱ ስም ሦስት ጊዜ ይጠራ፣ የመጀመሪያው ገና ሰው ጆሮውን ሳያዞር። ዋጋ አይነሳም፣ በየሳምንቱ ይለዋወጣላ! የት እንደሚሸጥ በመጨረሻ በንባብ ይነገራል። ለዘፈን የተረፈኝ አሥራ ስምንት ሰከንድ ነው።

ስለ ወርቅና ስለ ፀሐይ ብዙ ጻፍኩ፣ ብዙ ቀደድኩ። በመጨረሻ የእናቴ ምሬት ትዝ አለኝ። የኑግ ዘይት በብርድ አይረጋም! ይኼን ደግሞ ማንም ጠርሙሱን ገልብጦ ማየት ይችላል፤ ማስረጃ አያስፈልገውም። መጀመሪያ "እንደ ሌላው አይረጋም" አልኩ። የስቱዲዮው ልጅ "ሌላውን ተይው፣ የራስሽን አውሪ" ብሎ ሰረዘው። እውነቱን ነበር። ከዚያ፣ "ወርቄ! ወርቄ!" ከሚለው መክፈቻ ቀጥላ፣ ይቺ ወጣች፦

ብርዱ ቢበረታ በአምቦ ማለዳ፣
ወርቄ ይፈስልሻል ለቁሌት ለጓዳ።

ባለቤቱ ሰማና ፊቱን አጨማደደ። "ጊንጪና ጉደርስ? እዚያም እኮ እሸጣለሁ! የአምቦ ዘይት ነው ብለው ይተዉኛል።"

ሌላ ግጥም ለመጻፍ ጊዜ የለም፤ ልትዘፍነው የመጣችው ዘፋኝ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ልምምድ አለብኝ እያለች ሰዓት ታያለች። ጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩ። "በአምቦ" የሚለው ሲወጣ "በጊንጪ" ልክ ይገባል። "በጉደር" ይገባል። "በጌዶ" ይገባል! ዜማው ንቅንቅ አይልም። ያቺን አንዲት ስንኝ ብቻ አራት ጊዜ ቀዳናት፤ ለየከተማው የራሱ ማለዳ ደረሰው። ማስታወቂያው በኦሮምኛም ይተላለፍ ነበርና ቃል በቃል ልተርጉመው ብል ዜማው እምቢ አለኝ፤ ከዘፋኟ ጋር ቁጭ ብለን እንደ አዲስ ጻፍነው። ባለቤቱ ሲሰማው "ሃዳ ኮ!"፣ በኦሮምኛ እናቴ እንደ ማለት ነው፣ ብሎ ጭንቅላቴን ሳመኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ስወጣ መሬት አልረገጥኩም።

ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። ፈራሁ። ትስቅብኛለች ብዬ ፈራሁ።

ቅዳሜ ገበያ ደርቶ ሳለ ወደ መደቧ ሄድኩ። አንዲት ሴትዮ አምስት ሊትር ልትገዛ ትከራከራታለች። ከጎን ካለው ሱቅ ሬዲዮ ይጮኻል። ድንገት ዜማው መጣ። ለካ የስቱዲዮው ልጅ ቀድሞ ነግሯታል። እናቴ መቅጃዋን አስቀመጠችና እጇን አነሳች።

"ዝም በይ፣ ማሎ፣ እባክሽ! ልጄ እየተናገረች ነው።"

ሴትዮዋ ዞር ዞር ብላ አየች። ድምፁ የዘፋኟ እንጂ የእኔ አይደለም፤ እኔም ከኋላቸው ቆሜያለሁ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ሠላሳውን ሰከንድ ጨረሰችው። ሴትዮዋ ተናዳ ጥላት ሄደች። እናቴ አልጠራቻትም።

መስቀል አለፈ፤ መቅጃውን ማንም አላስያዘኝም። ከዚያ ወዲህ ስንት ማስታወቂያ ጽፌያለሁ፤ አዲስ አበባ ድረስ ተጠርቼ ጽፌያለሁ። እናቴ ካረፈች ቆየች። እንደዚያ ቀን ግን ሥራውን አቁሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሰማኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም።