ሃምሳ ግራም

እጀ ሚዛን የሚሏት ዳቦ ጋጋሪ ቅናተኛ አልነበረችም ቢባል ውሸት ነው። ነበረች። ግን ቅናቷ እንቅልፍ እስኪነሳት የደረሰው የገዛ እህቷን በምትሠራበት ዳቦ ቤት ካስቀጠረች በኋላ ነው።

እጀ ሚዛን ያሏት ያለ ምክንያት አይደለም። ዱቄቱን በእፍኟ ታነሳለች፣ ውሃውን በዓይኗ ትለካለች፣ ሊጡም አሳፍሯት አያውቅም። የዳቦ ቤቱን እርሾ ራሷ ናት ዱቄትና ውሃ በጥብጣ፣ ዕለት ዕለት እየመገበች ለዚህ ያበቃችው። አንድ ጣጣ ብቻ ነበረባት። ስትመግበው እጇ ልክ አያውቅም። እርሾው ከዕቃው እስኪገነፍል ታበዛዋለች፣ ሊጡ የሚፈልገውን ያህል ትቀዳለች፣ የተረፈውን ትደፋለች። ጌታው፣ ማለትም የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ ያ ሁሉ ዱቄት በቧንቧ ሲወርድ እያየ ዓመታት በሆዱ ይዞ ኖሯል።

ትንሿ እህቷ ስትመጣ ነገር ተገለበጠ። ልጅት ሚዛን ትወዳለች። ለዛሬ ሊጥ ስንት እርሾ ያስፈልጋል? አንድ ሺህ ግራም። አንድ እጅ እርሾ፣ ሁለት እጅ ዱቄት፣ ሁለት እጅ ውሃ፤ ድምሩ አምስት እጅ። አንድ ሺህ ለአምስት ሲካፈል ሁለት መቶ። ስለዚህ ሁለት መቶ ግራም እርሾ፣ አራት መቶ ዱቄት፣ አራት መቶ ውሃ። ቀኑ ሲሞቅ ወይም ጊዜ ሲኖር ደግሞ እርሾውን ታሳንስና ምግቡን ታበዛለታለች፤ ቀስ ብሎ ይደርሳል። የሚደፋ የለም።

ጌታው አንድ ሳምንት አይቶ በሰው ፊት ተናገረ። "ከዛሬ ጀምሮ እርሾውን የምትይዘው ትንሿ ናት። አንቺ በርትተሽ አስተምሪያት" አላት እጀ ሚዛንን።

ምን ትማራለች ከእኔ! ባጎረስኩ ተነከስኩ ማለት ይሄ ነው። እጀ ሚዛን ጥርሷን ነክሳ ሳቀች። ከፍሪጁ ጥግ፣ ከቅቤው ጀርባ፣ ለክፉ ቀን ብላ ከዋናው እርሾ እየቀነሰች የምታኖራት ትንሽ ጠርሙስ ነበረቻት። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ አወጣቻትና መታጠቢያው ላይ ደፋቻት። "በሚዛናቸው ይኑሩ" አለች ለራሷ። ለማንም አልተናገረችም።

ከዚያ ወዲህ የእህቷ ነገር ሁሉ ያናድዳት ጀመር። ሚዛኑን ስትጠርግ ያናድዳታል፣ ስታንጎራጉር ያናድዳታል፣ ምድጃው ላይ የሚሠራው ጋጋሪ "ጎበዝ" ሲላት ደግሞ ዓይኗ ደም ይለብሳል። "እታለም" ብላ በትህትና ስትጠራት እንኳ የተሳለቀችባት ይመስላታል።

አንድ ቀን ማለዳ ለሆቴል የሚላክ ትእዛዝ መጣ። የሚፈለገው እርሾ እንደተለመደው አንድ ሺህ ግራም ነው። ትንሿ የዋናውን እርሾ ጠርሙስ መዘነችና ፊቷ በራ። እጀ ሚዛን ካበዛችው ክምችት በየቀኑ ስትቀንስ ቆይታ፣ ከትናንት የቀረው እርሾ ልክ ሁለት መቶ ግራም ነው።

"አየሽ እታለም፣ ልክ ልኩን! አንዲት ጠብታ አትተርፍም" አለች።

እጀ ሚዛን አየች። ደግሞም ወዲያው ገባት። ሁለት መቶውም ከገባ፣ አንድ ሺውም ሊጥ ውስጥ ከገባ፣ ለነገ ዘር የሚሆን ምኑ ይቀራል? ምንም። አንድ ቃል መናገር ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። "ለዘር አስቀሪ" ማለት። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

እርሾው ተመገበ፤ ከረፋዱ በኋላ እጥፍ ሆኖ አረፋ አወጣ። ትንሿ ወደ ማቡኪያው ማሽን ገለበጠችው። እጀ ሚዛን ብትሆን ኖሮ በሳህኑ ጎን የተለጠፈው ብቻ ለዘር ይበቃ ነበር። ይቺ ግን በመፋቂያ ፋቀችው፣ ከሊጡ ውሃም ቀንሳ አለቀለቀችበትና እሱንም ጨመረችው። የእርሾውን ጠርሙስም አጥባ ገልብጣ አስቀመጠችው። የእጀ ሚዛን አንጀት ቅቤ ጠጣ። ነገ ጌታው ያችን ጠርሙስ ባዶ ሲያገኛት ይታያት ጀመር። "እባክሽ አንቺው አድኚን" ብሎ ሲለማመጣት፣ ያቺ ሚዛን ወዳድ ደግሞ ጥግ ቆማ ስትንቀጠቀጥ። ሊጡን እየቆረጠች ስታድቦለቡል ልቧ ዘፈነ፤ እውነቷን ነው፣ ዘፈነ።

ሊጡ ተነፋ፣ ጋጋሪው እየጫነ ወደ ምድጃው መክተት ጀመረ። ያኔ እጀ ሚዛን መታገሥ አቃታት። የእህቷን መደንገጥ በዓይኗ ማየት አማራት።

"ለመሆኑ የነገው እርሾ የት አለ?" አለቻት፣ ድምጿን ማር አስመስላ።

ትንሿ ሳቀች። "ካንቺ ጋ ነዋ! ከቅቤው ጀርባ ያለችው ጠርሙስሽ። ከመጣሁ ጀምሮ አይቻታለሁ፤ ለጌታው አልተናገርኩም፣ ድፊያት እንዳይልሽ ብዬ። ሚዛኔ ልክ ሲመጣ ዛሬ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው፤ ነገ ካንቺው እርሾ እንደገና እንጀምራለን አልኩ። ዋናው ያንቺ አይደል?"

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው ይባላል። እጀ ሚዛን ግን ጌታውን ለማስለመን ብላ የራሷን ልጅ በራሷ እጅ ቀብራለች። ያ ሁሉ ዓመት የመገበችው እርሾ እዚያ እሳት ውስጥ እየነደደ ነው።

ወደ ምድጃው ሮጠች። ጋጋሪው የመጨረሻውን ትሪ አንሥቶ ነበር። ከጫፉ ካለችው ድቡልቡል ሊጥ ቁራሽ ቦጭቃ አወጣች።

"ሴትዮ፣ አበድሽ እንዴ?" አለ ጋጋሪው።

"አብጃለሁ፣ ተወኝ" አለችና ሊጡን ይዛ ወደ ሚዛኑ ሄደች። ለመጀመሪያ ጊዜ በሚዛን ለካች። አርባ ግራም። አርባ ዱቄት፣ አርባ ውሃ ጨመረችበትና በጣቶቿ አሟሟችው። ጨው አለበት፤ መጀመሪያ ይለግማል፣ እየተመገበ ሲሄድ ግን ጨውም እየሳሳ ይጠፋል፣ እርሾውም ይነቃል። ይሄን ታውቃለች። የማታውቀው እህቷን እንዴት ቀና ብላ እንደምታይ ነው።

"ጠርሙስሽስ?" አለች ትንሿ ከኋላዋ።

"ደፋኋት። እርሾውን ላንቺ የሰጡሽ ቀን። ዛሬም ዘር እንዳላስቀረሽ አይቼ ዝም ያልኩት ስለቀናሁብሽ ነው።"

ትንሿ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ብቻ "እሺ" አለች። ማታ ጌታው ያቺን ጎዶሎ ዳቦ አንሥቶ "ይሄ የማን ሥራ ነው?" ሲል እጀ ሚዛን "የኔ" አለች። ሁሉንም ነገረችው፣ ተቆጣትም። ቁጣው ግን ከጆሮዋ አልገባም፤ ዓይኗ ከትንሿ ላይ ነበር፤ እሷ ወለሉን ትጠርጋለች።

ለተወሰኑ ቀናት ዳቦው በሱቅ እርሾ ተጋገረ፤ ደንበኛም አማረረ። ያች የአርባ ግራም ዘር ግን እየተመገበች ነቃች፣ አረፋም አወጣች። ትንሿ እንደ ልማዷ ሚዛኗን ጠርጋ ቆመች።

"ስንት እርሾ ነው የሚፈልገው?" አለች።

"አንድ ሺህ" አለች እጀ ሚዛን።

ትንሿ በልቧ አሰላችና ሁለት መቶ አሥር ግራም እርሾ መዘነች፤ አራት መቶ ሃያ ዱቄት፣ አራት መቶ ሃያ ውሃ። አንድ ሺህ ሃምሳ። ሲደርስ ሃምሳዋን ቀንሳ በንጹሕ ጠርሙስ ከደነችና፣ ከቅቤው ጀርባ ሳይሆን ከፊት ለፊት፣ በራሷ መደርደሪያ ላይ አኖረቻት።

ትክክል ነው። መጀመሪያም እንዲህ ነበር መሠራት የነበረበት። እጀ ሚዛን ግን ያቺን ጠርሙስ ባየች ቁጥር ትቀናለች፤ እህቷ ያን ሃምሳ ግራም ከአሁን በኋላ አምና የምትተወው ለእሷ አይደለም።