ጋዲሴ ዘይቱን ስትጠብቅ

ጋዲሴን ስታዩ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ቀኝ ክንዷ ላይ ነው። ከክርኗ እስከ አንጓዋ ቆዳው ተጨማዷል። ጉደር፣ ካምፓሱ በር ፊት ለፊት፣ ሸራ ሥር ቺፕስ ትጠብሳለች። እኔ ወለተ ማርያም ደግሞ ከጎኗ ሻይ አፈላለሁ። ሰው ሁሉ «በራሷ ጥድፊያ ተቃጠለች» ይላል። ውሸት! ያቃጠልኳት እኔ ነኝ።

እኔ መጠበቅ የሚባል አልፈጠረብኝም። እናቴ «አንቺ እኮ በሰባት ወርሽ ልትወጪ ነበር» ትለኝ ነበር። ክንዷ የተቃጠለ ቀን ፈተና የጨረሱ ተማሪዎች ተኮልኩለዋል። ጋዲሴ አንድ እፍኝ ድንች ትጨምራለች፣ ታወጣለች፣ ከዚያ ከሰሉን እያራገበች ዘይቱን ቆማ ታያለች።

«ምን ይገትርሻል? ጨምሪ እንጂ!» አልኳት።

«ድንቹ አቀዝቅዞታል፤ ሙቀቱ ይመለስ» አለችኝ።

ፌስታል ልታመጣ ዞር ስትል፣ ልርዳት ብዬ፣ ውሃው ያልተንጠፈጠፈለትን ድንች ሳህኑን ሙሉ ገለበጥኩት። ድስቱም ያን ቀን ዘይት በዝቶበታል። ኧረ የጌታ ያለህ! ዘይቱ አረፋ ደፍቆ ተነሳ፣ ጠርዙን አልፎ ከሰሉ ላይ ፈሰሰ፣ እሳቱ ወደ ሸራው ዘለለ። ጋዲሴ ሮጣ መጥታ ገፈተረችኝ፤ ለእኔ የመጣው ዘይት እሷ ክንድ ላይ አረፈ። ማንቆርቆሪያዬን አንስቼ ልደፋ ስል «ውሃ እንዳትደፊ!» ብላ ጮኸች። በዚያው በተቃጠለ ክንዷ ድስቱን ከደነች፣ ከሰሉ ላይ አሸዋ በተነች። ያን ጊዜ ውሃ ደፍቼ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም አልቀን ነበር።

ቦታውን የሚያከራየን ኦቦ ጃርሶ መጥቶ «ጥፋቱ የማነው?» ሲል «የኔ ነው» አለች። እኔ አፌን ዘጋሁ። ቦታዬን ይነጥቀኛል ብዬ ፈራሁ።

ከሦስት ወር በኋላ ተመለሰች፤ ግን ያቺ ጋዲሴ አልነበረችም። ዘይቱ ጠሽ ባለ ቁጥር ትደነግጣለች። ከሰሉን ታሳንሳለች፣ ዘይቱ ሳይግል ትጨምራለች። ድንቹ ድስቱ ሥር ተኝቶ ዘይት ይጠጣል፣ ልፍስፍስ ብሎ ይወጣል። ተማሪዎቹም ሸሹ። ኦቦ ጃርሶ «ቅዳሜ መጥቼ አያለሁ፤ እጇ እንዲህ ከተንቀጠቀጠ ሌላ አደጋ ሳይመጣ ቦታውን ለሌላ እሰጣለሁ» አለኝ። ለእኔ ነው የነገረኝ! ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድልሽ አለኝ።

የካምፓሱ ላብራቶሪ ሠራተኛ ሰይፈዲን ሻይ ሊጠጣ ሲመጣ ጉዳዩን ነገርኩት። ረጅም የብረት ዘንግ ያለው ቴርሞሜትር ይዞ መጣ። «ጋዲሴ፣ ፍርሃትሽን ተዪና ቁጥሩን እይ» አላት። «መቶ ሰባ አምስት ሲደርስ ጨምሪ። ከመቶ ዘጠና ካለፈ ድስቱን አውርጂ።»

ቅዳሜ ኦቦ ጃርሶ ከዘራውን ተደግፎ ቆመ። ተማሪዎችም ተሰለፉ። ጋዲሴ ድስቱን ከግማሽ በታች ሞልታዋለች፣ ድንቹን በጨርቅ አድርቃዋለች። ቁጥሩ መቶ ሰባ አምስት ሲል እፍኙን ይዛ ቀረች። እጇ አየር ላይ ይንቀጠቀጣል።

«ወለተ፣ አንቺ ጨምሪልኝ» አለችኝ።

እኔ? በዚህ እጄ?

«ሱታ» አለች በኦሮምኛ፣ ቀስ በይ ማለቷ ነው። «በጠርዙ በኩል አንሸራትቺው።»

አንሸራተትኩት። ድንቹ ወዲያው ወደ ላይ ወጣ፣ ዙሪያውን አረፋ ከበበው። ቁጥሩ ወደ መቶ ሃምሳ አምስት ወረደ። ሰልፉ «ቶሎ በሉ!» ይላል። የለመደብኝ ጥድፊያ መጣና ሁለተኛውን እፍኝ አነሳሁ። ጋዲሴ በዚያ በተጨማደደ ክንዷ አንጓዬን ያዘችኝ። እጇ አልተንቀጠቀጠም።

«የመጀመሪያው ይውጣ። ከዚያ ዘይቱ ይመለስ።»

ድንቹ አረፋው ሲቀንስለት ወርቃማ ሆኖ ወጣ። ከሰሉን አራገበች። መቶ ስልሳ፣ መቶ ስልሳ ስምንት... መቶ ሰባ አምስት ሲል ሁለተኛውን ራሷ ጨመረች።

ኦቦ ጃርሶ አንዱን ቀመሰ፤ ቀጭ አለ። «ጥሩ ነው» አለ። «ግን አንዴ ራሷን ያቃጠለች ሴት ነገ ሸራዬን አታቃጥልም ብዬ እንዴት ልመን?»

ጋዲሴ አንገቷን ደፋች።

«ኦቦ ጃርሶ» አልኩ። «ያቃጠልኳት እኔ ነኝ። ሳህኑን የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ሸራህንም ያተረፈችው እሷ ናት። የሚነሳ ካለ እኔ ልነሳ።»

ኦቦ ጃርሶ እኔን አየ፣ ክንዷን አየ፤ «ጋዲሴ ትቀጥል። ያንቺን ደግሞ አስቤበት ሰኞ እነግርሻለሁ» ብሎ ሄደ።

ጋዲሴ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ወደ እኔ ዞረች።

«ከዚያን ቀን ጀምሮ እስክትናገሪው ስጠብቅሽ ነበር» አለችኝ።